ሳይፈቱ የማስላት ዋጋ

አንድ አነስተኛ አበዳሪ ድርጅት አለ እንበል። የራሱ ኮምፒውተር ስለሌለው የደንበኞቹን መዝገብ የሚያስቀምጠው በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ፣ በኪራይ ነው። ማን ስንት እንደተበደረ፣ ማን ክፍያውን እንዳሳለፈ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። የኮምፒውተሩ ባለቤቶች ይህን እንዲያዩበት ስለማይፈልግ መዝገቡን መስጥሮ ያስቀምጣል። እስከዚህ ምንም ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቅ ነው። ያልተመለሰው ብድር በአማካይ ስንት ነው? በሚቀጥለው ወር ከክፍያ ስንት ይገባል? ከ5,000 ዶላር በላይ የሆኑት ብድሮችስ ስንት ናቸው? የተመሰጠረው መዝገብ ለኮምፒውተሩ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ስለሆነ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ቁልፉን ለአከራዩ መስጠት፣ ወይ መዝገቡን በሙሉ ወደ ቢሮ አምጥቶ ፈትቶ ማስላት። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተር መከራየቱ ለምን አስፈለገ?

ምሳሌው የሮናልድ ሪቨስት፣ የሌናርድ አድልማንና የማይክል ዴርቱዞስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ያነሱት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን የአርኤስኤ ምስጠራ ከፈጠሩት ሦስት ሰዎች መካከል ናቸው። ያነሱት ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ መረጃው እንደተቆለፈ ሒሳብ የሚሠራበት፣ ውጤቱም ተቆልፎ የሚወጣና ባለቤቱ ብቻ የሚፈታው ምስጠራ ይኖር ይሆን? ሆሞሞርፊክ ምስጠራ የሚባለው ይህ ነው። ካቀረቧቸው ዘዴዎች አንዳንዶቹን ብሪክልና ያኮቢ በ1987 ሰበሯቸው። ሳይሰበሩ የቆዩት ደግሞ ግማሽ መንገድ ብቻ የሚሄዱ ነበሩ። አርኤስኤ ራሱ በመሠረታዊ መልኩ ማባዛትን ይፈቅዳል፣ መደመርን ግን አይፈቅድም። ፓስካል ፓዬ በ1999 ያወጣው ዘዴ የተመሰጠሩ ቁጥሮችን ይደምራል፣ እርስ በርስ ማባዛት ግን አይችልም። የሚያስፈልገው ሁለቱም ባንድ ላይ ነው፤ ዜሮና አንድን ያለገደብ መደመርና ማባዛት ከተቻለ ማንኛውንም ፕሮግራም ከእነሱ መገጣጠም ይቻላልና። ይህን ያሳካው ክሬግ ጄንትሪ ነው፣ በ2009። ቀድሞ የሕግ ባለሙያ የነበረው ጄንትሪ በጊዜው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ከጥያቄው እስከ መልሱ 31 ዓመት አለፈ።

ነገሩ ምትሐት ይመስላል እንጂ እርሳስና ካልኩሌተር ይዞ መከታተል ይቻላል። ጄንትሪ ራሱ ከማርተን ቫን ዳይክ፣ ከሻይ ሃሌቪና ከቪኖድ ቫይኩንታናታን ጋር በ2010 ከተራ መደመርና ማባዛት ያለፈ ሒሳብ የማይጠይቅ ዘዴ አሳትሟል። ምስጢራዊው ቁልፍ አንድ ጎዶሎ ቁጥር ነው። የእውነተኛው ቁልፍ ርዝመት ገጽ ላይ ለመጻፍ ስለማይመች እኛ 1001ን እንውሰድ። መመስጠር የምንፈልገው አንድ ቢት ነው፤ ዜሮ ወይም አንድ። ቁልፉን በዘፈቀደ በመረጥነው ቁጥር እናባዛለን፣ ትንሽ ተጋማሽ ቁጥር (ለሁለት እኩል የሚካፈል ማለት ነው) እንጨምራለን፣ በመጨረሻ ቢቱን ራሱን እንደምራለን። 1001 በ37 ሲባዛ 37,037 ይሆናል፤ 6 ሲጨመር፣ ቢቱ 1 ሲደመር 37,044። ለሁለተኛው ቢት 52ን እንምረጥ፤ 52,052፣ ሲደመር 8፣ ሲደመር 1፣ ይሆናል 52,061።

መፍታት ከዚህም ይቀላል። ለ1001 ማካፈልና ቀሪውን ማየት ነው። ቀሪው ጎዶሎ ከሆነ ቢቱ 1 ነበር፣ ተጋማሽ ከሆነ 0። 37,044 ለ1001 ሲካፈል 7 ይቀራል፤ ጎዶሎ ነው፣ ስለዚህ 1። የሌላኛው ቀሪ 9 ነው፤ እሱም 1።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ቁልፉን ለማያውቅ ሰርቨር እንላክና አባዛልን እንበለው። ሰርቨሩ የሚያየው 37,044ና 52,061 ብቻ ነው። ያባዛቸውና 1,928,547,684 ብሎ ይመልሳል። እኛ ለ1001 እናካፍላለን፤ 63 ይቀራል። ጎዶሎ ነው። አንድ በአንድ ሲባዛ አንድ፣ ትክክል። ደምርልን ብንለው ደግሞ 89,105 ይሰጠናል፤ ቀሪው 16 ነው፣ ተጋማሽ፣ ስለዚህ 0። በቢት ሒሳብ አንድና አንድ ሲደመሩ የሚወጣው ይኸው ነው። ሰርቨሩ ምን እንዳባዛና ምን እንደደመረ ሳያውቅ በትክክል አስልቷል።

ቀሪዎቹን ግን ልብ እንበላቸው። 7ና 9 ነበሩ፤ ሲደመሩ 16፣ ሲባዙ 63 ሆኑ። ያ ትንሽ ተጋማሽ ቁጥር፣ ባለሙያዎቹ ኖይዝ የሚሉት ጉድፍ፣ በእያንዳንዱ ሥራ እያደገ ይሄዳል፤ በመደመር በቀስታ፣ በማባዛት በዝላይ። ብዜቱን እንደገና በ52,061 ብናባዛው ቀሪው 567 ይሆናል። አሁንም ጎዶሎ ነው፣ አሁንም ትክክል። አንድ ጊዜ ደግመን በ37,044 ብናባዛውስ? ቀሪው 3,969 መሆን ነበረበት። ይህ ግን ከቁልፉ ከ1001 ይበልጣል። ለ1001 ስናካፍል የሚቀረው 966 ነው፤ ተጋማሽ። መልሱ ዜሮ ይላል። አራት አንዶች ተባዝተው ዜሮ ወጣ። የሚጮህ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ፕሮግራሙም አይቆምም፤ የተሳሳተው መልስ የወጣው ትክክለኛው በወጣበት መንገድ፣ በዚያው መልክ ነው።

ታዲያ ጉድፉን ለምን አንተወውም? ብንተወው የሚሆነውን እንሞክረው። ያለ ጉድፍ ሁለት ዜሮዎችን ብንመሰጥር 37,037ና 52,052 ናቸው፤ ሁለቱም የቁልፉ ብዜቶች። ማንም ትልቁን የጋራ አካፋይ ይፈልጋል፣ የአውክሊድን ጥንታዊ ዘዴ ተጠቅሞ። ከ52,052 ላይ 37,037 ሲቀነስ 15,015። ከ37,037 ላይ የ15,015 እጥፍ ሲቀነስ 7,007። ከ15,015 ላይ የ7,007 እጥፍ ሲቀነስ 1,001። ቁልፉ በሦስት መቀነስ እጅ ገባ። 37,044ንና 52,061ን ይዞ ይህን ቢሞክር ግን የሚያገኘው ነገር የለም። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ዘዴዎች ኦዴድ ሬጌቭ በ2005 ባቀረበው ላቲስ የሚባል የሒሳብ መዋቅር ችግር ላይ የቆሙ ናቸው፤ ሒሳቡ ይለያል፣ ጠባዩ ግን ያው ነው። ቁልፉን የሚደብቀው ጉድፉ ነው፤ መልሱን የሚያበላሸውም እሱው ነው። የዚህ ቴክኖሎጂ የውድነት ታሪክ በእኔ ግምት አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

ጄንትሪ ያመጣው ብልሃት ጉድፉን የሚያስወግድ ሳይሆን የሚያድስ ነው። ራሱ በኋላ ለማስረዳት የተጠቀመው ምሳሌ የጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ባለሱቋ ሠራተኞቿ ወርቅ እንዳይሰርቋት ዕቃውን ጓንት በተገጠመለት የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ አድርጋ ትሰጣቸዋለች፤ እጃቸውን በጓንቱ አስገብተው ይሠራሉ፣ አውጥተው መውሰድ ግን አይችሉም። ጓንቱ ግን ጥቂት ከተሠራበት በኋላ ይደርቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ሳጥን ትሰጣቸዋለች፤ ውስጡ የአንደኛው ሳጥን ቁልፍ ተቀምጧል። ሠራተኛው አንደኛውን ሳጥን እንዳለ ሁለተኛው ውስጥ ያስገባዋል፣ እዚያው ውስጥ በአዲሱ ጓንት ይከፍተዋል፣ ሥራውንም ይቀጥላል። ወርቁ ለአፍታም ቢሆን ከሳጥን አልወጣም። በሒሳቡ ቋንቋ፣ ቁልፉ ራሱ ተመስጥሮ ለሰርቨሩ ይሰጣል፤ ሰርቨሩም የመፍታቱን ሥራ ልክ እንደማንኛውም ፕሮግራም በተመሰጠረ መረጃ ላይ ያከናውነዋል። የሚወጣው ያው ቢት ነው፣ አሁንም የተመሰጠረ፣ ግን ጉድፉ ወደ አንድ ቋሚ ዝቅተኛ መጠን ወርዶ። ይህን ቡትስትራፒንግ ይሉታል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የመፍታቱ ሥራ ራሱ ጉድፉ መልሱን ሳያጠፋው ማለቅ አለበት፣ ቢያንስ ለአንድ ተጨማሪ ስሌት ቦታ አስቀርቶ። የጄንትሪ ትልቁ ልፋት የመፍቻውን ስሌት ይህን ያህል ማሳጠር ነበር።

መሥራቱ ተረጋገጠ፤ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የፍጥነት ነበር። ጄንትሪና ሃሌቪ አይቢኤም ውስጥ ሠርተው ባሳዩት የመጀመሪያ ፕሮግራም አንዲት እድሳት በትንሹ ልኬት 30 ሰከንድ፣ በትልቁ ደግሞ 30 ደቂቃ ፈጀች። የሕዝባዊው ቁልፍ መጠን ከ70 ሜጋባይት እስከ 2.3 ጊጋባይት ደረሰ። ቁልፉ ብቻ ማለት ነው፣ መረጃው ገና ሳይመጣ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው መሻሻል የሚያስገርም ነው። ዱካና ሚቻንቾ በ2015 እድሳቱን ከአንድ ሰከንድ በታች አወረዱት። ቀጥሎ የመጣው ቲኤፍኤችኢ የተባለው ዘዴ ወደ 13 ሚሊሰከንድ አደረሰው፣ በአንድ ተራ ፕሮሰሰር ላይ። አሁንም እየወረደ ነው። ሆኖም 13 ሚሊሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። በዚህ ዘዴ እያንዳንዷ የቢት ሥራ አንድ እድሳት ታስከፍላለች። ሁለት ባለ 64 ቢት ቁጥሮችን ለመደመር ለየቢቱ አምስት ያህል ሥራ ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው 320። በ13 ሚሊሰከንድ ሲባዛ ከአራት ሰከንድ ያልፋል። ያልተመሰጠረውን ድምር የማንኛችንም ላፕቶፕ ከአንድ ናኖሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሠራዋል። ልዩነቱ በቢሊዮን እጥፍ የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ ብዙ ሥራ ላይ የዋሉ ፕሮግራሞች እድሳቱን ጭራሽ አይጠቀሙበትም። ሌላ መንገድ ይመርጣሉ፤ ከመጀመሪያው ለጉድፉ የሚያድግበት ሰፊ ቦታ ሰጥተው ከቦታው ሳያልፍ ሥራውን መጨረስ። ቢኤፍቪ የተባለው ዘዴ በዚህ መልክ ይሠራል። በተለመደ ልኬት አንድ የተመሰጠረ መረጃ ሁለት ረጃጅም የቁጥር ሰልፎች ነው፤ በእያንዳንዱ ሰልፍ 8,192 ቁጥሮች፣ እያንዳንዱም እስከ 218 ቢት። ሲደመር ወደ 446 ኪሎባይት። አንዲት ዜሮ ብቻ ብንመሰጥርበት ግማሽ ሜጋባይት ለመሙላት የተጠጋ ፋይል ይወጣል። ደግነቱ በዚያው ፋይል ውስጥ 8,192 ትናንሽ ቁጥሮችን ጎን ለጎን አሰልፎ ሁሉንም በአንድ ስሌት መደመር ወይም ማባዛት ይቻላል። በዚህ መልክ ሲሞላ እብጠቱ ወደ 27 እጥፍ ይወርዳል። ብዙ ማባዛት ካስፈለገ ግን የጉድፉ ቦታ መስፋት አለበት፤ ቦታው ሲሰፋ ምስጠራው ስለሚደክም ሰልፉም አብሮ መርዘም አለበት። 16,384 ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው 438 ቢት። ሁለቱ አብረው በእጥፍ ስላደጉ ፋይሉ አራት እጥፍ ሆነ፣ 1.8 ሜጋባይት ገደማ።

ፕሮግራም አውጪው ይህን መጠን የሚመርጠው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መሃል ላይ መቀየር የለም። የማይክሮሶፍትን «ሲል» የተባለ ነጻ ላይብረሪ የሚጠቀም ሰው በሙከራ ጊዜ ይህችን መስመር ይጽፋል፦

```
decryptor.invariant_noise_budget(encrypted)
```

የምትመልሰው ስንት ቢት ቦታ እንደቀረ ነው። ከእያንዳንዱ ማባዛት በኋላ ቁጥሩ ሲወርድ ይታያል፤ ዜሮ ከደረሰ ከዚያ በኋላ የሚፈታው ሁሉ ቆሻሻ ነው። መስመሯ የተጻፈችው ግን በፈቺው በኩል ነው፤ ምስጢራዊው ቁልፍ ከሌለ አትሠራም። ሥራውን የሚሠራው ሰርቨር የራሱን ቦታ ማለቅ ማወቅ አይችልም። በጭፍን እየሠራ ይሄዳል፣ የተበላሸውንም መልስ በክብር ይልካል።

ጭፍንነቱ ሌላ ዋጋም አለው፤ ስለዚህኛው ብዙ ሲወራ አልሰማም። የአበዳሪውን ሦስተኛ ጥያቄ እናስታውስ፦ ከ5,000 ዶላር በላይ የሆኑት ብድሮች። ተራ ፕሮግራም እያንዳንዱን ብድር ያያል፣ ካለፈ ይቆጥራል፣ ካላለፈ ይዘለዋል። ሰርቨሩ የማወዳደሩን መልስ ማየት ከቻለ ግን ምስጠራው አለቀለት። ከ5,000 ይበልጣል? አይበልጥም። ከ2,500? ይበልጣል። እንዲህ እያለ በግማሽ በግማሽ ቢጠብ እስከ 10,000 ዶላር ያለን ማንኛውንም ብድር በ14 ጥያቄ እስከ ዶላሩ ያውቀዋል። የ1978ቱ ጸሐፊዎች ይህን ያኔውኑ አይተውት ነበር። ስለዚህ የማወዳደሩ መልስ ራሱ ተመስጥሮ መቅረት አለበት፤ ያ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ «ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን» ማለት አይችልም። ሁለቱንም ይሠራል፤ ያንዱን ውጤት በተመሰጠረው ቢት፣ የሌላውን በተቃራኒው አባዝቶ ይደምራል። የማይፈለገው በዜሮ ተባዝቶ ይጠፋል፣ ድካሙ ግን አይጠፋም። ድግግሞሽም እንዲሁ ነው። መልሱ ቀድሞ ቢገኝም እስከ መጨረሻው መሽከርከር ግድ ነው፤ ቶሎ ማቆም ራሱ ወሬ ያወጣልና።

ይህ ሁሉ ተግባር ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት ስልክ ሲጠራ ማየት ይበቃል። የማይታወቅ ቁጥር ነው። ብዙዎቻችን የጠሪውን ስም የሚያሳይ መተግበሪያ ስልካችን ላይ ጭነናል፤ የመተግበሪያው ባለቤት ደግሞ ማን እንደደወለልን፣ መቼ እንደደወለ በየጥሪው መመዝገብ ይችላል። አፕል በ2024 ከአይኦኤስ 18 ጋር ያወጣው አገልግሎት ይህን ለማስቀረት ነው። ስልኩ ቁጥሩን መስጥሮ ይልካል፤ የጠሪ መለያ አገልግሎቱ ሰርቨር የተመሰጠረውን ይዞ በመዝገቡ ውስጥ ይፈልጋል፣ ስሙንም አስልቶ እንደተመሰጠረ ይመልሳል። ማን እንደተፈለገ አያውቅም። የተመረጠው ዘዴ ከላይ ያየነው ቢኤፍቪ ነው፤ ኩባንያው የሠራበትን ላይብረሪም በነጻ አውጥቶታል።

እንዴት ሳያይ ይፈልጋል? መዝገቡ አንድ ሚሊዮን መስመር አለው እንበል። በጣም ቀላሉ መንገድ ስልኩ አንድ ሚሊዮን ቢት መስጥሮ እንዲልክ ነው፤ ሁሉም ዜሮ፣ የሚፈለገው መስመር ላይ ብቻ አንድ። ለሰርቨሩ ዜሮውም አንዱም ሲታዩ አይለያዩም። እያንዳንዱን መስመር በቢቱ አባዝቶ ሁሉንም ይደምራል፤ የማይፈለጉት ዜሮ ሆነው ይረግፋሉ፣ የሚፈለገው ስም ብቻ ይቀራል። ግን ጥሪው ሳይቋረጥ አንድ ሚሊዮን የተመሰጠሩ ቢቶችን በሞባይል ዳታ መላክ አይታሰብም። ስለዚህ መዝገቡ እንደ ሠንጠረዥ 1,000 በ1,000 ሆኖ ይደረደራል። ስልኩ ለረድፉ አንድ ሺህ፣ ለዓምዱ አንድ ሺህ፣ በድምሩ ሁለት ሺህ ቢት ይልካል፤ እነሱም በአንድ ፋይል ተጠቅጥቀው መሄድ ይችላሉ። ክፍያው በሌላ በኩል ይመጣል፤ የረድፉና የዓምዱ ውጤቶች እርስ በርስ መባዛት አለባቸው፣ ማባዛት ደግሞ ጉድፍ ያሳድጋል። የተላከው አነሰ፣ የጉድፉ ቦታ ተወሰደ።

አንድ ነገር ግን አልተቀየረም፤ ሰርቨሩ አሁንም አንድ ሚሊዮኑንም መስመር ይነካል። አንዱን እንኳ ቢዘል ያ መስመር እንዳልተፈለገ አወቀ ማለት ነው። ተራ የመረጃ ቋት ያንኑ ስም ለማግኘት በጣት የሚቆጠሩ ቦታዎችን ብቻ ያያል። ይህን ዋጋ የትኛውም ፈጣን ፕሮሰሰር አያስቀረውም፤ ኢንቴልና ሌሎች ድርጅቶች በአሜሪካ መከላከያ ምርምር ተቋም በዳርፓ ድጋፍ ከ2021 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ብቻ ሲነድፏቸው የቆዩት ቺፖች እያንዳንዱን ስሌት ያፋጥናሉ እንጂ የስሌቱን ብዛት አይቀንሱም። የመዝገቡ መጠን በእጥፍ ሲያድግ ሥራውም በእጥፍ ያድጋል።

ተግባር ላይ የሚውለው መፍትሔ ድርድር ነው። መዝገቡ በብዙ ክፍልፋይ ይቆረጣል፤ ስልኩ የትኛውን ክፍልፋይ እንደሚፈልግ በግልጽ ይናገራል፣ በክፍልፋዩ ውስጥ የትኛውን መስመር እንደሚፈልግ ግን ይደብቃል። አንድ ሚሊዮኑ በመቶ ቢከፈል የሰርቨሩ ሥራ ከመቶ አንድ ይሆናል። ሰርቨሩ በምትኩ የተፈለገው ቁጥር ከአሥር ሺህ መስመሮች አንዱ መሆኑን ያውቃል። ጠያቂውን ከጥያቄው ጋር እንዳያገናኝ አፕል የስልኩን አድራሻ የሚሸፍን አስተላላፊ መሃል ላይ አስገብቷል። ክፍልፋዩን ወደ አንድ ሺህ መስመር ቢያሳንሱት አሥር እጥፍ ይረክሳል፣ የሚያፈሰው ወሬም በዚያው ልክ ይጨምራል። የክፍልፋዮቹን ቁጥር የሚወስነው አገልግሎቱን የሚያቀርበው ድርጅት ነው፤ የሰርቨሩን የመብራትና የኪራይ ሒሳብ የሚከፍለውም እሱ ነው።